ፍላሽ ላይ ያለ ጽሑፍ ላይ ሌላ ሴቭ ሲደረግ

«የመመረቂያ ጽሑፌን ፒያሳ ኮምፒዩተር ቤት ከፍላሽ ላይ ከፍቼ፣ ጽሑፉን አጥፍቼ ማመልከቻ ጻፍኩበት። በዚያው ስም ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። የድሮው ይመለሳል?»

ተስፋ አለህ ወንድሜ፣ ግን ፍላሹን አሁኑኑ ንቀል። ምንም ነገር አትጫንበት።

ወርድ ሳይዘጋ ቢሆን ኖሮ Ctrl+Z ብቻ ይበቃህ ነበር፤ ሴቭ ከተደረገ በኋላም ይሠራል። አሁን ያ አልፏል።

ደግነቱ፣ ወርድ ሴቭ ሲያደርግ አብዛኛውን ጊዜ በድሮው ላይ አይጽፍም። አዲሱን በሌላ ቦታ ይጽፋል። የድሮውን ስሙን ወደ `~WRL0001.tmp` ዓይነት ይቀይርና ያጠፋዋል። የጠፋ ፋይል ደግሞ ቦታው ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ፍላሹ ላይ ይቆያል።

ስለዚህ ቤትህ ኮምፒዩተር ላይ ሬኩቫ የሚባለውን የጠፋ ፋይል መመለሻ ፕሮግራም ጫንና ፍላሹን በጥልቅ ፍለጋ አስፈትሽ። የምትፈልገው የጽሑፍህን ስም አይደለም፤ እሱ ማመልከቻውን ነው የሚያመጣልህ። WRL ያለበትን tmp ፈልግ። የመጀመሪያዋ ፊደል ጠፍታ ልታገኘው ትችላለህ፣ አትደናገጥ። መጠኑን እይ፤ ማመልከቻ ትንሽ ነው፣ መመረቂያ ጽሑፍ በተለይ ሥዕል ካለው በጣም ይበልጣል። ያገኘኸውን ወደ ኮምፒዩተሩ አስቀምጥ፣ ፍላሹ ላይ በፍጹም! ከዚያ የስሙን መጨረሻ .docx አድርገህ ክፈተው። «ተበላሽቷል» ካለህ ከፊሉ ላይ ሌላ ተጽፎበት ሊሆን ይችላል።

ኧረ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት ቴሌግራምህን እይ። ለአማካሪህ የላክኸው ኮፒ እዚያው ይኖራል።