«ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሃል፤ ግን እኔ አይደለሁም»

ጥያቄ፦ «የአንድ አንጋፋ ወግ ጸሐፊን የቆዩ ጽሑፎች ለመጽሐፍ እንዲሆኑ እያሳጠርኩ እንደገና እየጻፍኩ ነው፣ በራሳቸው ፈቃድ። የሚያዘወትሯቸውን ቃላት ዘርዝሬ አስገባለሁ። እሳቸው ግን ‹ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሃል፤ ግን እኔ አይደለሁም› እያሉ ይመልሱልኛል። ምን ላስተካክል?»

መጀመሪያ ያንን የቃላት ዝርዝር ወደ ጎን አድርገው። ዝርዝሩ ሰውየው ምን እንደሚጠቀሙ ነው የሚነግርህ። መቼ እንደሚጠቀሙበት አይነግርህም። አንባቢ ድምፅ የሚለው ነገር ያለው ደግሞ እዚያ «መቼ» ላይ ነው።

አንዲት ወግ ጸሐፊ ጋር ስሠራ ያየሁትን ልንገርህ። «ታዲያ» የምትለዋን ቃል በጣም ነው የምትወዳት፤ ይህን ማንም አንባቢዋ ያውቃል። ግን ጽሑፎቿን ዘርግቼ «ታዲያ» ያለችባቸውን ቦታዎች ብቻ ሳወጣ አንድ ነገር ታየኝ። አንቀጽ ከፍታባት አታውቅም። ሁልጊዜ የምትመጣው ነገሩ ተተርኮ ካለቀ በኋላ ነው። ከኋላዋም ሁልጊዜ ጥያቄ ይከተላል። በአንድ ወግ ውስጥ ቢበዛ አንድ ጊዜ ነው፤ ጭራሽ የሌለችባቸው ወጎችም አሉ። «ስለዚህ» ለማለት ግን አንድም ጊዜ አልተጠቀመችባትም። እንግዲህ አንድ ሰው «ታዲያን ትወዳለች» ብሎ በየአንቀጹ መግቢያ ላይ ቢደረድርላት፣ ቃሉ የሷ ሆኖ አረፍተ ነገሩ የሌላ ሰው ይሆናል።

ስለዚህ የምታነበውን ምረጥ። የታተመው ጽሑፍ ብቻ አይበቃህም። በታተመው ላይ የአርታኢ እጅ አለበት፤ በተለይ ሥርዓተ ነጥብ ላይ። ከቻልክ የእጅ ጽሑፋቸውን ወይም ለአርታኢ ከመግባቱ በፊት የነበረውን ረቂቅ ጠይቃቸው። እሱ ከሌለ በዚያው ዘመን፣ በዚያው አሳታሚ የወጣ የሌላ ሰው ጽሑፍ አጠገቡ አስቀምጥና አወዳድር። ድርብ ሰረዙ፣ ጥቅሱ፣ ቅንፉ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ የቤቱ ደንብ እንጂ የእሳቸው ልማድ አይደለም። የፊደል አጣጣልም እንዲሁ ነው። «ጸሐይ» እና «ፀሐይ»፣ «ሰው» እና «ሠው» ብዙውን ጊዜ የአራሚ ምርጫ ነው። እሱ ላይ ጊዜህን አታጥፋ።

የምታነበው ደግሞ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይሁን። ወግ የምትጽፍ ከሆነ ወጋቸውን አንብብ። ንግግራቸውን፣ ለጋዜጣ የሰጡትን ቃለ መጠይቅ አትቀላቅል። ሰው ሲናገር «እኮ» ይላል፤ ሲጽፍ አንዴም ላይለው ይችላል። ዘመኑንም ተመልከት። በወጣትነታቸው የጻፉትና አሁን የሚጽፉት ሊለያይ ስለሚችል ለምታሳጥረው ጽሑፍ ቅርብ የሆነውን ዘመን ያዝ። አሥር የሚሆኑ ወጎች ካገኘህ ለመነሻ ይበቃሉ።

ቀጥሎ የየአንቀጹን የመጀመሪያ አረፍተ ነገር ብቻ በሌላ ወረቀት ላይ ገልብጥ። ሌላውን ተወው። እነዚህን መክፈቻዎች በተርታ ስታነባቸው ሙሉውን ጽሑፍ ስታነብ ያልታየህ ነገር ይታይሃል። የኔዋ ጸሐፊ አንቀጽ የምትከፍተው በሚታይ ነገር ነበር። በር፣ ወንበር፣ የተቀደደ ፖስታ። አረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ «አለ» ወይም «ነው» ብሎ ያልቃል። አስተያየቷ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው አረፍተ ነገር ላይ ነው የሚመጣው። ይህን ልማድ በቃላት ዝርዝር አታገኘውም፤ ምክንያቱም የሚደጋገም ቃል የለውም። የሚደጋገመው ቅደም ተከተሉ ነው።

ከዚያ ወደ ሥርዓተ ነጥብ። እዚህ ላይ ቁጥር ብቻውን ያሳስትሃል። «ድርብ ሰረዝ ያበዛሉ» ማለት ምንም አይረዳህም። እያንዳንዱ ድርብ ሰረዝ ምን ሥራ እየሠራ እንደሆነ ከጎኑ ጻፍ። አንዳንዱ ጸሐፊ የሚደረድርበት ነው። አንዳንዱ ምክንያት የሚያስከትልበት ነው። የኔዋ ጸሐፊ ድርብ ሰረዝ የምታስገባው ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያውን ሲቃወም ብቻ ነበር። ተቃውሞው ያለው «ግን» ላይ ነው፤ «ግን»ም ፊት ላይ አትቆምም፣ ከስም ወይም ከተውላጠ ስም በኋላ ነው የምትገባው። «እሱ ግን»፣ «ለእኔ ግን» ትላለች። «ነገር ግን» ብላ ጀምራ አታውቅም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የአረፍተ ነገሩን አረማመድ ግን ይቀይረዋል።

እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቃላት ሰው ሳያስብ የሚያስቀምጣቸው ስለሆኑ ብዙ ያጋልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1787 እና በ1788 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለመደገፍ በአንድ የብዕር ስም የወጡ መጣጥፎች ነበሩ። ከመካከላቸው የ12ቱ ጸሐፊ ከአሜሪካ መሥራቾች ሃሚልተን ይሁን ማዲሰን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ሞስቴለርና ዋላስ የተባሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ጥናት ሐሳቡን ትተው ተራ ቃላትን ቆጠሩ። «አፖን» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ሃሚልተን ደጋግሞ ይጠቀማታል፤ ማዲሰን እምብዛም አይነካትም። እንዲህ ያሉትን ቃላት ሰብስበው ሲመዝኑ ሚዛኑ ወደ ማዲሰን አጋደለ። አንተ ማሽን አያስፈልግህም። «ግን»፣ «ደግሞ»፣ «እንጂ» እና «ማ» የት የት እንደሚገቡ ብቻ ተከተል።

ሌላ ሰው የማይዘረዝረው አንድ ነገር አለ፦ ጸሐፊው የማያደርገው። የቃለ አጋኖ ምልክት አለ ወይ? ሦስት ነጥብስ? ቅንፍስ? «አይቶ፣ ሰምቶ፣ ዝም ብሎ፣ ወጥቶ» እያሉ ግሥ ያስከትላሉ ወይስ በየግሡ አራት ነጥብ ያስቀምጣሉ? አንድ ሰው በአሥር ወግ ውስጥ ያልተጠቀመበትን ምልክት አንተ አንዴ ብታስገባው፣ እሳቸው ሲያነቡ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ለእኔ ይህ ዝርዝር ከሚወዷቸው ቃላት ዝርዝር የበለጠ ጠቅሞኛል።

አሁን አንድ አንቀጽ እንሥራ። ምሳሌውን ለዚህ መልስ ብዬ ነው ያዘጋጀሁት፤ ልማዶቹ ግን ከላይ የነገርኩህ ናቸው። ጥሬው ይህ ነው፦

«ሰዎች ተውሰው ስለማይመልሱ መጽሐፍ ማዋስ ትቻለሁ። ነገር ግን አንድ ጓደኛዬ ሲጠይቀኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። መጽሐፉን እስካሁን አልመለሰልኝም። የነበረበት ቦታ መደርደሪያው ላይ ባዶ ነው፣ በሌላ መጽሐፍም አልሞላሁትም።»

በቃላት ዝርዝር ብቻ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያደርገዋል፦

«ታዲያ መጽሐፍ ማዋስ ትቼ የለ! ሰዎች ይወስዳሉ፤ ይረሳሉ፤ አይመልሱም። ታዲያ አንድ ጓደኛዬ መጣና ጠየቀኝ። እምቢ ልለው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ታዲያ መጽሐፌ የት አለ?»

ሞቅ ያለ ነው፤ ላዩን ሲያዩት የሷን ይመስላል። ግን «ታዲያ» ሦስት ጊዜ ገብታለች፣ አንዷ መክፈቻ ላይ። ድርብ ሰረዙ መደርደሪያ ሆኗል። ቃለ አጋኖ አለ። ባዶው ቦታ ደግሞ ጠፍቷል፤ ከሁሉ የሚያሳዝነው እሱ ነው፣ ምክንያቱም እሷ ብትሆን የምትጀምረው ከዚያ ነበር። ይህ ማስመሰል አይደለም፤ ሰው ጓደኛውን ለማሳቅ የሌላውን አነጋገር አጋንኖ እንደሚያወጣው ያለ ነው።

በልማዱ ስትሄድ እንዲህ ይወጣል፦

«መደርደሪያዬ ላይ አንድ ባዶ ቦታ አለ። እዚያ የነበረው መጽሐፍ ጓደኛዬ ጋ ነው። ሰው ስለማይመልስ ማዋስ ትቻለሁ፤ ለሱ ግን እምቢ ማለት አልሆነልኝም። እስካሁን አልመለሰም። ታዲያ ቦታውን በሌላ መጽሐፍ ያልሞላሁት ለምንድን ነው?»

ከጥሬው የጎደለ ነገር የለም፤ አዲስ ሐሳብም አልተጨመረም። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። የሚታየው ነገር ወደ ፊት መጣ፣ አስተያየቱ ወደ ሦስተኛው አረፍተ ነገር ወረደ። ድርብ ሰረዙ አንድ ነው፣ የሚቃወምበት ቦታ ላይ። ጥያቄ ምልክቱ ብቻ ነው ትንሽ ደፈር ያልኩበት፤ ጥሬው ላይ ጥያቄ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ቦታ ለጸሐፊው ስትሰጥ ከጎኑ ምልክት አድርግበት። ድምፁ የእሳቸው ቢሆንም ጥያቄውን የጠየቅኸው አንተ ነህና።

መጠኑንም ጠብቅ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሦስቱንም ልማድ ማስገባት የሚቻለው እንደዚህ ምሳሌ ለማሳየት ሲፈለግ ነው። በሙሉ ወግ ውስጥ አብዛኛው አንቀጽ ምንም ምልክት የሌለው ተራ ጽሑፍ መሆን አለበት። የጸሐፊው ወግ ራሱ እንደዚያ ነው። ብታምነኝም ባታምነኝም አስቸጋሪው ሥራ እነዚያን ተራ አንቀጾች ተራ አድርጎ መተው ነው፤ እጅ ይበላል።

ለመፈተን አንድ ቀላል መንገድ አለ። አንተ ከጻፍካቸው ሁለት አንቀጾችን ከእሳቸው ሦስት ጋር ቀላቅል። ርዕሳቸው የተለያየ ይሁን። ጽሑፋቸውን ለሚያውቅ ሰው ስጠውና የቱ የማን እንደሆነ ሳይሆን የቱ ላይ እንደተደናቀፈ ጠይቀው። «ይሄ ትንሽ በዛ» ካለህ መጠኑ ነው የተበላሸው። «ይሄ ደረቅ ነው» ካለህ መክፈቻውን ተመልከት። «ጎበዝ፣ እሳቸውን ነው!» ብሎ ከሳቀ ደግሞ ተጠንቀቅ። በራሳቸው አንቀጽ ላይ አይስቅም።

ለእሳቸውም ሙሉውን ወግ አትስጣቸው። አንድ አንቀጽ ስጣቸውና «እኔ አይደለሁም» ያሉበትን ቃል ወይም ነጥብ በእርሳስ እንዲያሰምሩበት ብቻ ለምናቸው። ለምን እንደሆነ እንዲያብራሩ አትጠይቃቸው፤ ጸሐፊ ስለ ራሱ ልማድ ሲጠየቅ ሊያደርገው የሚፈልገውን ነው የሚነግርህ። መስመሮቹ ሲጠራቀሙ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ። የአንተ፣ ከጥያቄህ እንደምገምተው፣ መክፈቻዎቹ ላይ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ስታሳጥር ሁለት ክፍሎችን የሚያገናኝ አዲስ ሐሳብ ካስፈለገህ፣ ልማዳቸውን ብታውቅም እሳቸው ምን እንደሚሉ አታውቅም። ያኔ ስልክ ደውልና በቃላቸው ይንገሩህ። የተናገሩትን እንዳለ ጻፈው፣ ከዚያ «እኮ»ዎቹን አውጣ።