የጎን ድምሩና የታች ድምሩ አልገጥም ሲል

ጥያቄ፦ «የአራት ዳይሬክቶሬት በጀት በአንድ ሠንጠረዥ አጠቃለልኩ። የጎን ድምሩ ከታች ድምሩ ጋር አልገጥም አለኝ፤ ሁለት ቀን ፈልጌ አጣሁት። ነገ አስረክባለሁ። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ታች ያለውን ድምር በእጅሽ እንዳትነኪው። እኔ ነክቼው ስድስት ወር ሙሉ አስከፍሎኛል።

1. ልዩነቱን ለ9 አካፍዪው። ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ የሆነ ቦታ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈዋል ብለሽ ጠርጥሪ። ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ!

የእኔም አራት ዳይሬክቶሬት ነበር፤ ፋይናንስ፣ የሰው ሀብት፣ ዕቅድ እና ግዥ። ወደ ጎን ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ውሎ አበልና የቢሮ ዕቃ። የጎን ድምሮቹን ያመጣኋቸው ዳይሬክተሮቹ ፈርመው ከላኩት ደብዳቤ ነው፤ 975,000፣ 720,000፣ 654,000 እና 520,000። ሲደመሩ 2,869,000 ብር። የታቹን ግን ኤክሴል ደመረው፣ 2,824,000 አለኝ። ልዩነቱ 45,000።

ሰንጠረዡን ሳይ የፋይናንስ ውሎ አበል ልክ 45,000 ነው። «አገኘሁት፣ ድምሩ ይቺን ዘሏታል» አልኩ። የውሎ አበሉ ድምር 135,000 ይል ነበር፤ ቀመሩን አጥፍቼ 180,000 ብዬ ጻፍኩበት። ሁሉም ገጠመ። ሰኔ ላይ ተፈርሞ ሄደ።

ፋይናንስ ግን አልተዘለለም። የዕቅድ ውሎ አበል በደብዳቤው 72,000 ሲሆን እኔ 27,000 ብዬ ነው የጻፍኩት። 45,000 ለ9 ሲካፈል 5,000 ነው። 5ቱ በሁለቱ አሃዞች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ 7 ሲቀነስ 2። ሦስቱ ዜሮዎች ደግሞ ስህተቱ በሺህና በአሥር ሺህ ቤት መሆኑን ይናገራሉ። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ በ5 የሚለያዩ አሃዞች ያሏቸውን ቁጥሮች ብቻ ነው የምትፈልጊው፤ ከአሥራ ስድስቱ ሳጥን ጥቂት ብቻ ይቀርሻል። ለ9 የሚካፈል ሆኖ የተለዋወጠ አሃዝ ካጣሽ፣ አንድ ዜሮ የጎደለበት ቁጥር ፈልጊ፤ 54,000 በ5,400 ከተጻፈ ልዩነቱ 48,600 ነው፣ ለ9 ሲካፈል ያንኑ 5,400 ይሰጥሻል።

በጀት ሲስተም ላይ የሚገባው በየሥራ ክፍሉና በየሒሳብ መደቡ ነው፤ ድምሩን ማንም አያስገባውም። ዕቅድ በ27,000 ሐምሌን ጀመረ፣ ጥር ላይ ሠራተኞቹ ለመስክ ሊወጡ ሲሉ መደቡ ባዶ ሆነ። ለማስተካከል የሄድኩበት ቢሮ ያለው ባለሙያ ወረቀቱን እንኳ ሳያይ «እናንተ ፈርማችሁ የላካችሁትን እኔን ምን አድርግ ትሉኛላችሁ?» ብሎ መለሰኝ። አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ደብዳቤውና ሰንጠረዡ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ግልጽ ነበር።

2. የደብዳቤውን ድምርና የሳጥኖቹን ድምር በአንድ ቦታ አታደባልቂ። እኔ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው፤ ከB እስከ E ሳጥኖቹ፣ F ላይ ከተፈረመው ደብዳቤ የተገለበጠው ድምር፣ ስድስተኛው ረድፍ የታች ድምር።

```
B6: =SUM(B2:B5)
G2: =SUM(B2:E2)
H2: =F2-G2
G6: =SUM(G2:G5)
H6: =G6-SUM(B6:E6)
```

B6ን እስከ E6፣ G2ንና H2ን እስከ አምስተኛው ረድፍ ጎትቺያቸው። የእኔ ስህተት በዚህ ቢታይ ኖሮ H4 ላይ፣ የዕቅድ ረድፍ ላይ 45,000 ብሎ ይጮህ ነበር፤ ፋይናንስን ዞር ብዬም አላየው። H6 ዜሮ መሆኑ ብቻውን ግን አያኩራሽ። ሁለቱም ወገን የሚደመረው ከእነዚያው ሳጥኖች ስለሆነ፣ ሳጥኑ ውስጥ 27,000 ቢሆንም ይገጥማል። H6 ዜሮ ካልሆነ ቀመር ነው የተበላሸው፤ ለምሳሌ መጨረሻ ላይ ረድፍ ተጨምሮ አንዱ ድምር ሲይዘው ሌላው ሳይይዘው ይቀራል። H2 እስከ H5 ናቸው ከደብዳቤው ጋር የሚያመሳክሩሽ።

ሌላ አንድ ነገር፣ ከክፍሎች በተላከ ፋይል ላይ ቁጥሩ እንደ ጽሑፍ ተቀምጦ ሊመጣ ይችላል። SUM ዝም ብሎ ይዘለዋል፣ በጎንም በታችም እኩል ስለሚዘለው ሁለቱ ይገጥማሉ። በመደመሪያ ምልክት =B2+C2 ብለሽ ከሆነ የደመርሽው ግን ይቆጥረዋል፣ እዚያ ላይ ልዩነት ይፈጠራል። ባዶ ሳጥን ካለ 0 ሙዪበትና ይህን ጻፊ፦

```
=COUNT(B2:E5)
```

16 ማለት አለበት። 15 ካለ አንዱ ጽሑፍ ነው።

አሁን H ዓምድን ሥሪና የትኛው ረድፍ ላይ ስንት እንደወጣ ጻፊልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።