ሲሲ ላይ ማንን ላስገባ? ለሚለው መልሴ

«አዲስ ሥራ ጀምሬያለሁ። ኢሜይል ስመልስ ማንን ሲሲ ላድርግ? ሁሌ ሪፕላይ ኦል ብልስ ችግር አለው?»

ወንድሜ፣ አለው። እኔን ብዙ አስከፍሎኛል።

1. አዲስ ሰው ከመጨመርህ በፊት ወደ ታች ወርደህ እስከ መጨረሻው አንብብ። እኔ አላነበብኩም። አንድ ዕቃ አቅራቢ ዋጋ በ15 በመቶ ልጨምር ብሎን ነበር። እርስ በርስ ስንጻጻፍ ሰነበትን። በአንደኛው ኢሜይል አለቃዬ «6 በሉት፣ እምቢ ካለ እስከ 12 እንሄዳለን» ብሎ ጽፏል። እኔ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ እዚያው ላይ ሪፕላይ ኦል አልኩ፣ አቅራቢውን ሲሲ ላይ ጨመርኩና «በ6 በመቶ እንስማማ?» ብዬ ላክሁ። የቆየው ጽሑፍ ሁሉ ከሥር ተከትሎ ሄደ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ፤ አንድ መስመር ብቻ። «12 ይሁን፣ ተስማምተናል።» ክው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ለውጭ ሰው ሁሌም አዲስ ኢሜይል ነው የምከፍተው። የሚያስፈልገውን ብቻ ገልብጬ አስገባለሁ። አንዴም አልተሳሳትኩም።

2. ሥራው የሚመለከተው ሰው To ላይ ይግባ፣ ማወቅ ብቻ ያለበት ሲሲ ላይ። ሪፕላይ ኦል የምለው መልሴ የሌሎቹን ሥራ የሚቀይር ከሆነ ነው። የስብሰባ ሰዓት ከተቀየረ ለሁሉም። «እሺ፣ ደርሶኛል» ከሆነ ግን ለላኪው ብቻ።

3. ለምን እንደጨመርካቸው ጻፍ። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። የሌላ ክፍል ባልደረባ «ፋይሉ አልደረሰኝም» ብሎ ጻፈልኝና አለቃዬን ያለ አንድ ቃል ሲሲ አደረገው። አለቃዬም ክስ መስሎት ጠራኝ። ፋይሉን የላክሁት ግን ከአንድ ቀን በፊት ነበር፤ ሰውዬው ሳያይ ባለፈው ሌላ ፎልደር ውስጥ ተገኘ። ይቅርታም አልጠየቀኝ።

ስለዚህ ከሰላምታ ቀጥሎ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ሂሳብ ክፍልን ሲሲ ያደረግኋቸው አዲሱ ዋጋ ከሚቀጥለው ክፍያ ስለሚጀምር ነው። ከእነሱ መልስ አይጠበቅም።» ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር አትተዋት። እሷ ከሌለች ሰዎቹ ምን እንደተፈለገባቸው ሲጠይቁ ይውላሉ፣ ያውም በሪፕላይ ኦል።

ሥራው ያለቀለትን ሰው ደግሞ ሌሎቹ ተቀባዮች ስሙን ወደማያዩበት ወደ ቢሲሲ አዛውረውና «እገሌን ወደ ቢሲሲ አዛውሬያለሁ፣ ኢሜይል እንዳይበዛበት» በል። ያንን ኢሜይል ያያል፣ ቀጣዩ ምልልስ ግን አይደርሰውም። አለቃህን በድብቅ ቢሲሲ ማድረግ ግን አይሆንም። አለቃህ ሳያስተውል ሪፕላይ ኦል ካለ እሱ በድብቅ እዚያ እንደነበረ ሁሉም ሰው ያውቃል። እንዲያይልህ ከፈለግህ የላክኸውን ኢሜይል በኋላ ለብቻው ፎርዋርድ አድርግለት፣ ከላይም «ለመረጃ ያህል ነው፣ ምንም ማድረግ አይጠበቅብህም» ብለህ ጻፍ።