የግንባርና የአፍንጫ ወዝን ያለ ብለር ማስተካከል

ጥያቄ፦ «ሰላም የግሩፑ አባላት። ለገጣፎ ነው የምሠራው። የቀትር ፀሐይ ላይ የተነሳች ሙሽራ ግንባሯና አፍንጫዋ በጣም አብረቅርቋል። ብለር ሳደርገው ፊቷ ፕላስቲክ ይመስላል። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ብለር ያደረግክበትን ሌየር ሰርዝና ከዋናው ፎቶ ጀምር። ብለር ወዙን አያነሳውም፣ ነጩን ወደ ጎረቤት ቆዳ ይበትነዋል። ወዙ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ጤነኛው ቆዳ ይነጣል፣ የቆዳው ቀዳዳ ከሁለቱም ላይ አብሮ ይጠፋል። ስልክ ላይ ላያስታውቅ ይችላል። ትልቅ ታትሞ ሳሎን ሲሰቀል ግን ግንባሯ እንደ ሳህን ያበራል።

ፎቶው በ RAW የተነሳ ከሆነ እድለኛ ነህ፤ ፎቶሾፕ ከመግባትህ በፊት Camera Raw ውስጥ Highlights ን ከ -30 እስከ -50 አውርደውና የሚመለሰው ይመለስ። JPEG ብቻ ካለህ እንዳለ ቀጥል።

አሁን ምንም ሳትነካ F8 ተጫንና Info ፓኔልን ክፈት፤ ማውሱን ፊቷ ላይ እያንቀሳቀስክ ቁጥሩን አንብብ። ጉንጯ R 172፣ G 118፣ B 90 ቢሆን፣ የግንባሩ ወዝ መሃል R 238፣ G 226፣ B 220፣ የአፍንጫዋ ጫፍ ደግሞ ሦስቱም 255 ነው እንበል። ግንባሩ ውስጥ ገና የቆዳ ዝርዝር አለ፣ ስለዚህ የሚድን ነው። አፍንጫው ግን ባዶ ወረቀት ነው፤ ምንም ብታጠቁረው ግራጫ እንጂ ቆዳ አይወጣልህም። ቆዳ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ሁለቱን በአንድ ሌየር፣ በአንድ መጠን የሚሠራ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሽበት።

1. ፓች። Ctrl+J ሁለት ጊዜ ተጫን፤ አንዱን ሌየር «ግንባር»፣ ሌላውን «አፍንጫ» በለው። የላይኛውን ለጊዜው ደብቀውና በታችኛው፣ በግንባሩ ጀምር። Patch Tool ን ያዝ፣ ከላይ Normal እና Source መመረጣቸውን እይ። Destination ላይ ከሆነ ተገላቢጦሽ ይሠራል፣ ወዙን ወስዶ ጤነኛው ቆዳ ላይ ይለጥፍልሃል።

ዋናው ነገር የምትከበው መስመር ነው። ፓች ቆዳውን ከምትጎትትበት ቦታ ይወስዳል፣ ንጣቱንና ቀለሙን ግን ከመስመሩ ጠርዝ ጋር ያስማማል። መስመርህ ወዙን ቆርጦ ካለፈ፣ ያ ነጭ ወደ ውስጥ ይገባና ወዙ ቅርጹን ቀይሮ እዚያው ይቀመጣል። «ፓች አይሠራም» የሚሉት አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። ስለዚህ ከወዙ ወጣ ብለህ፣ ቆዳው የራሱን ቀለም በያዘበት ላይ ክበብና ወደዚያው ግንባር ደረቅ ክፍል ጎትት።

ወዙ ሹሩባው ሥር ድረስ ከደረሰ ግን ፓች ተው። መስመሩ ፀጉሩን ከነካ በዚሁ ምክንያት ጥቁር ጭስ ወደ ግንባሩ ይገባል። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ Clone Stamp ይሻላል፦ Mode ን Darken አድርገው፣ Opacity 20%። Darken ላይ ሲሆን ከናሙናው የነጣውን ብቻ ስለሚነካ ፀጉሩ አይበላሽም።

ፓቹ ሲያልቅ ግንባሩ ዝርግ ጣውላ ይመስልሃል፤ አትደንግጥ። የሌየሩን Opacity ወደ 55% አውርደው። ፓቹ ወዙን ወደ R 178 አውርዶት ከነበረ፣ ከሥሩ ካለው 238 ጋር ሲቀላቀል ወደ 205 ይመጣል። ክብ ግንባር የተወሰነ ብርሃን ሊኖረው ይገባል፣ የሚያስጠላው የተጋነነው ነው።

አሁን «አፍንጫ»ን ግለጥ። ይህ ሌየር ሙሉ ፊቷን ስለያዘ የተስተካከለውን ግንባር ይሸፍንብሃል፤ አፍንጫዋን በሰፊው ምረጥና የማስክ ምልክቱን ተጫን፣ ከዚያ የፎቶውን ምስል ራሱን ጠቅ አድርገህ ፓቹን ቀጥል። ቆዳውን ከጉንጭ አታምጣ። የአፍንጫ ቆዳ ቀዳዳዎች ሰፋ ያሉ ናቸው፣ የጉንጭ ቆዳ እዚያ ሲለጠፍ ሜካፕ የተነቀለ ይመስላል። ከዚያው ከአፍንጫዋ ጎን ውሰድ። Opacity 75% አካባቢ ተው፤ ከሥሩ ያለው ባዶ ነጭ ስለሆነ ከዚያ በታች ካወረድከው ቀዳዳዎቹ መልሰው ይደበዝዛሉ።

2. በቀስታ ማንጣትና ማጥቆር። ከሁሉም በላይ Alt ይዘህ አዲስ ሌየር ክፈት፣ Mode ላይ Soft Light ምረጥ፣ ከሥሩ 50% gray እንዲሞላ ምልክት አድርግ። ብሩሹ Hardness 0%፣ Flow 2% ወይም 3%። መጠኑ በወዙና በቆዳው መካከል ያለውን ሽግግር ያህል ይሁን፣ ግንባሩን በሙሉ የሚሸፍን አይሁን።

ብዙ ሰው ወዝ ሲባል ማጥቆር ብቻ ነው የሚታየው። ዓይን ግን ወዙን የሚይዘው በጠርዙ ነው፣ ነጩ ከጠቆረው ቆዳ ጋር ድንገት በሚገናኝበት። ስለዚህ መጀመሪያ በነጭ ቀለም ያንን በዙሪያው ያለውን ጠቆር ያለ ቀለበት ቀስ እያልክ አንሳው፣ ጠርዙ ሲለሰልስ ወዙ ግማሽ ያህል እንደጠፋ ትመለከታለህ። ከዚያ ወደ ጥቁር ቀይርና መሃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ዳሰስ አድርገው። በጥቁሩ ብቻ ከሄድክ ጠይም ፊት ላይ አመድ የነሰነስክ ይመስላል፤ ወዝ የብርሃኑን እንጂ የቆዳውን ቀለም አይዝም፣ ስለዚህ ሲጠቁር ግራጫ ይሆናል። ደጅ የተነሳ ከሆነ ደግሞ ከሰማዩ ትንሽ ሰማያዊ ይጨምርበታል።

አመዱ ትንሽም ቢሆን ከታየ ሌላ ባዶ ሌየር ከላይ ክፈት፣ Mode ውን Color አድርግ። Eyedropper ላይ Sample Size ን 11 by 11 Average አድርገህ ከወዙ አጠገብ ካለው ቆዳ ቀለም ውሰድ፣ በለስላሳ ብሩሽ 15% ቀባው። ይህ ንጣቱን አይነካም፣ ቀለሙን ብቻ ይመልሳል።

ማረጋገጫው፦ ከላይ Black & White ማስተካከያ ሌየር ለጊዜው ጨምርና Ctrl+0 ተጫን። ቀለም ሲጠፋ የማይደበቅ ነገር የለም። ግንባሯ ላይ ጉድጓድ የመሰለ ጥላ ካየህ መሃሉን አብዝተኸዋል፣ በነጭ መልሰው። ቀጥሎ 100% አቅርበህ ቀዳዳዎቹ ከግንባር ወደ ቅንድብ ሳይቋረጡ መሄዳቸውን እይ። የአፍንጫዋ ድልድይ ላይ ያለችውን ቀጭን የብርሃን መስመር ግን እንዳትነካት፣ እሷ ከሄደች አፍንጫው ይደፈጠጣል። ሙሽራዋ «ሙሉ በሙሉ አጥፋልኝ» ብትልህም ሙሉ በሙሉ የጠፋበትንና ትንሽ ብርሃን የተውክበትን ሁለቱንም አሳያት እንጂ ዝም ብለህ አትታዘዝ። አምስት ደቂቃ ለአንድ ፎቶ ይበቃል የሚል የስቱዲዮ ባለቤት ካለህም እሱንም አሳየው።

በመሃል በመሃሉ Ctrl+S አትርሳ፣ እናንተ ጋ መብራቱን ታውቀዋለህ። ለህትመት ስትልክ ደግሞ «እርማት ሳትጨምሩ አትሙልኝ» በል፤ አንዳንድ ማተሚያ ቤት ሳይጠይቅ ብርሃን ይጨምርና ያወረድከውን ወዝ መልሶ ያወጣዋል።

ለቀሩት የአልበሙ ፎቶዎች ሌየሮቹን ኮፒ አታድርግ፣ አንገቷን ትንሽ ባዞረች ቁጥር ወዙ ቦታ ይቀይራል። ባዶ ሌየሮቹን የሚከፍትልህ Action ግን አንዴ ቅዳ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚቀርህ የብሩሹ ሥራ ነው።