«የዘገየ ግብር» ወይስ «የተላለፈ ግብር»?

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። አንዱ መምህራችን “የዘገየ ግብር” ይላሉ፣ ሌላው “የተላለፈ ግብር”። የቱ ይሻላል? ደግሞ ፈተና ላይ ልዩነቱን በ30 በመቶ አባዝቼ ስጽፍ አንዳንዴ ልክ ይሆናል፣ አንዳንዴ ኤክስ ይደረግብኛል። ለምን?»

መልስ፦ እኔ «የተላለፈ»ን እመርጣለሁ። «የዘገየ» ሲባል ቀኑ ያለፈበት፣ ቅጣትና ወለድ የሚከተለው ውዝፍ ይመስላል። ይህን ግን ማንም አላዘገየውም። ሕጉ መጀመሪያ ላይ ከፍ ያለ የእርጅና ተቀናሽ ስለፈቀደ የዘንድሮው ግብር ያንሳል፣ የኋለኛው ይጨምራል።

ኤክሱን ያመጣብህ «ልዩነት» የሚለው ቃል ነው። አንዴ ሰኔ 30 ላይ በንብረቱ የሂሳብ መዝገብ ዋጋና በግብር በኩል በቀረው ዋጋ መካከል ያለውን ክፍተት ይገልጻል፣ አንዴ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ የተፈጠረውን ለውጥ። በንብረቱ የመጀመሪያ ዓመት ከዜሮ ስለምንነሳ ሁለቱ እኩል ናቸው። ያኔ ልክ ትሆናለህ። ከ2ኛው ዓመት ጀምሮ ይለያያሉ።

ቡሬ ያለ አንድ የዘይት ፋብሪካ በ400,000 ብር ማሽን ገዛ እንበል። በሂሳብ መዝገቡ በ4 ዓመት እኩል ያረጃል፤ በዓመት 100,000 ብር ማለት ነው። ጥያቄው ለግብር የሰጠህ ደግሞ ከቀሪው ዋጋ ላይ 40 በመቶ ነው። የግብሩ መጣኔ 30 በመቶ ነው።

በ1ኛው ዓመት መጨረሻ የመዝገቡ ዋጋ 300,000፣ በግብር በኩል የቀረው 240,000 ብር ነው። ክፍተቱ 60,000 ሆነ፣ የተላለፈው ግብር 18,000 ብር። የመዝገቡ ዋጋ ስለሚበልጥ ዕዳ ነው። ከእርጅና በፊት ያለው ትርፍ 500,000 ቢሆን፣ ግብር የሚከፈልበት 340,000፣ ግብሩም 102,000 ብር ይሆናል። 18,000ውን ስትጨምርበት 120,000 ይመጣል፤ ይህም ከሂሳብ ትርፉ ከ400,000 ልክ 30 በመቶው ነው።

በ2ኛው ዓመት የግብር ተቀናሹ 96,000 ብቻ ነው። መዝገቡ 200,000፣ የግብሩ ቀሪ 144,000 ይሆናል፤ ክፍተቱ 56,000፣ ዕዳው 16,800 ብር። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ 16,800ን የዓመቱ ወጪ ብሎ ይጽፋል። ይህ ቁጥር ግን ሰኔ 30 ላይ ያለው ዕዳ ነው። ዕዳው ከ18,000 ወደ 16,800 ስለወረደ የዓመቱ ውጤት የ1,200 ብር ቅናሽ ነው፣ የግብር ወጪውን ይቀንሳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የዓመቱን ሁለት ተቀናሾች ብቻ አነጻጽር፦ ከ100,000 ላይ 96,000 ሲነሳ 4,000፣ በ30 በመቶ 1,200 ብር። ካልገጠመልህ ወይ የአምናውን ዕዳ ሳትቀንስ ቀርተሃል፣ ወይ 40 በመቶውን ከቀሪው ሳይሆን ከመነሻው ዋጋ አስልተሃል። ይህ አቋራጭ የሚሠራው ግን መጣኔው ካልተለወጠ ነው። በመሃል ወደ 25 በመቶ ዝቅ ቢል፣ 56,000ው በሙሉ በአዲሱ ይሰላል፤ ዕዳው 14,000፣ የዓመቱ ቅናሽ 4,000 ብር ይሆናል።

ስለዚህ ጥያቄውን ስታነብ «የዓመቱ» የሚለውንና «በዓመቱ መጨረሻ ያለው» የሚለውን አስምርባቸው። የመጀመሪያው ለትርፍና ኪሳራ መግለጫ ነው፣ ሁለተኛው ለሀብትና ዕዳ መግለጫ።