የዶላር ዋጋ ዝርዝርን በአንድ የምንዛሪ ሴል ወደ ብር መቀየር፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

የጀልባ ሞተር መለዋወጫ ሻጭ፣ ባሕር ዳር፦ አቅራቢዬ ዋጋ የሚልክልኝ በዶላር ነው። B1 ላይ ምንዛሪውን፣ B2 ላይ የዕለቱን ቀን፣ B3 ላይ ርዕስ አድርጌ C4 ላይ `=B4*B1` ጻፍኩ። የመጀመሪያው መስመር ልክ ነው። ወደ ታች ስጎትተው ግን የካንዴላው ዋጋ 148,388.50 ሆነ፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ `#VALUE!` ይላል።

መልስ፦ ቀመር ወደ ታች ሲጎተት ኤክሴል በውስጡ ያሉትን አድራሻዎች ሁሉ አንድ አንድ መስመር ያወርዳቸዋል። B4 ወደ B5 መውረዱ ጥሩ ነው። B1 ወደ B2 ሲወርድ ግን ካንዴላው በቀኑ ተባዛ። ኤክሴል ቀንን የሚይዘው በቁጥር ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ለእሱ 45658 ነው፤ በካንዴላው ዋጋ በ3.25 ዶላር ያባዙትና ያዩትን ቁጥር ያገኙታል። ሦስተኛው መስመር ርዕሱ ላይ ደርሶ ጽሑፍ ማባዛት ስላቃተው ጮኸ። እኔን የሚያስፈራኝ አራተኛው ነው፦ B7ን በB4 ያባዛል፣ ማለትም ዋጋን በዋጋ፤ ስህተት ሳይል ደህና የሚመስል ቁጥር ያወጣል።

መፍትሔው B1ን ቦታው ላይ መቸንከር ነው፦

```
=B4*$B$1
```

ቀመሩ ውስጥ B1 ላይ ቆመው F4 ቢጫኑ የዶላር ምልክቶቹ ራሳቸው ይገባሉ። በአንዳንድ ላፕቶፕ Fn አብሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ በስልክ ደግሞ በእጅ ይጻፋሉ። ምልክቱ ከአሜሪካ ገንዘብ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ዝርዝሩ በዩሮም ቢሆን ያው ነው።

ከዚያ C4ን እንደገና ወደ ታች ጎትተው ይፈትኑት። B1 ላይ 150 ቢጽፉ 18.50 ዶላር የሆነው ኢምፔለር 2,775፣ ካንዴላው 487.50፣ 64 ዶላር የሆነው ፕሮፔለር 9,600 ብር መሆን አለበት። B1ን 152 ሲያደርጉት 2,812፣ 494 እና 9,728 ይሆናሉ። አንዱ ሳይነቃነቅ ከቀረ እዚያ ሴል ውስጥ በቀመር ፋንታ በእጅ የተጻፈ ቁጥር አለ። ሁሉም ካልተነቃነቁ Formulas ውስጥ Calculation Options ወደ Manual ዞሮ ይሆናል፤ Automatic ያድርጉት።

ሌላ አንባቢ፦ ለምን ይህ ሁሉ ድካም? 150ን ኮፒ አድርጎ ዋጋዎቹን መርጦ Paste Special ውስጥ Multiply ማለት ይበቃል።

መልስ፦ ለአንድ ቀን ይበቃል። ግን ዶላሩ በብር ተተክቶ ይጠፋል። ነገ ምንዛሪው ሲቀየር የሚያባዙት ዋናው ዋጋ የለም፤ ሳያውቁ ሁለቴ ካባዙት ደግሞ ብሩን በ150 አባዙት ማለት ነው።

አስጎብኚ፣ ዘጌ፦ እኔም ይኸው ችግር አለብኝ። የጀልባ ዋጋዬን ለእንግዶች በዶላር ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ስሠራው ግን 6,000 ብሩ 900,000 ሆነ።

መልስ፦ ያንተ ሌላ ነው ወንድሜ፤ መነሻህ ብር ስለሆነ ማካፈል አለብህ፦ `=B4/$B$1`። በ150 ሂሳብ 40 ዶላር ይመጣል። የምትጠቀምበት ምንዛሪም ከሱቁ ይለያል። አንተ ዶላር ይዘህ ባንክ ስትሄድ የሚሰጡህ የመግዣውን ነው፤ ዕቃ አስመጪ ዶላር ሲፈልግ የሚከፍለው የመሸጫውን። ከጁላይ 2024 ወዲህ ተመኑ በገበያ ስለሚወሰን ከባንክ ባንክም ሊለያይ ይችላል። ከB1 አጠገብ የየትኛው ባንክና የቱ ተመን እንደሆነ ጻፍበት።

የሱቁ ባለቤት፦ አንዳንድ መስመር ላይ አሁንም `#VALUE!` አለ። ደግሞ ደንበኛ ደምሮ «በ1 ብር ይለያል» ብሎኛል።

መልስ፦ የመጀመሪያው አቅራቢው «18.50 USD» ብሎ ስለጻፈ ነው፤ ለኤክሴል ያ ጽሑፍ ነው። ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ስለሚጠጋ በዓይን ይለያሉ። Ctrl+H ተጭነው ክፍተቱንና USDን በባዶ ይተኩ። ካልሠራ ክፍተቱ ከፒዲኤፍ የመጣ ልዩ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ራሱን ከሴሉ ኮፒ አድርገው መፈለጊያው ላይ ይለጥፉት።

ሁለተኛው የማሳያ ጉዳይ ነው። ሁለት ካንዴላ በሁለት መስመር ሲጻፍ፣ ሳንቲም ከተደበቀ፣ 488 እና 488 ይታያል፤ ድምሩ ግን 975 ይላል፤ ውስጡ 487.50 ነውና። ያለ ሳንቲም የሚሸጡ ከሆነ፦

```
=ROUND(B4*$B$1,0)
```

አሁን ድምሩ 976 ይሆናል፤ ወረቀቱም ሂሳቡም ይስማማሉ።

የሂሳብ ሠራተኛ፦ ባለፈው ወር የሰጠነው ፕሮፎርማስ? ዛሬ B1 ሲቀየር እሱም ይቀየራል።

መልስ፦ አዎ፣ የዚህ አሠራር ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ለደንበኛ ከመላክዎ በፊት የC ዓምድን ኮፒ አድርገው እዚያው Paste Values ያድርጉና ፋይሉን በቀኑ ስም ለብቻ ያስቀምጡት።

የሂሳብ ሠራተኛ፦ እኔ ግን ለእያንዳንዱ ሽያጭ ምንዛሪውን በራሱ መስመር ላይ መጻፍ እመርጣለሁ። ፋይል ሲበዛ ይጠፋል።

መልስ፦ ለሽያጭ መዝገብ እርስዎ ልክ ነዎት። ለዋጋ ዝርዝር ግን 200 መስመር ላይ ምንዛሪ መቀየር ማን ይችላል? ሁለቱን በሁለት ሺት ለይተው ይያዟቸው።