ሁለት እጀታ ያለው ሁሉ መላጊያ አይደለም

«ጋሼ፣ ሰበታ ከሚገኘው የአያቴ ወርክሾፕ አንድ የብረት ዕቃ አገኘሁ። ግራና ቀኝ እጀታ አለው፤ መሃሉ ላይ ስለት ገብቶበታል፤ በጣት የሚዞሩ ሦስት ብሎኖችም አሉት። ጎረቤት የመጥረቢያ እጀታ መላጊያ ነው አለኝ። ስለቱን እንደ መሮ አድርጌ ሳልኩት። ግን ዱቄት ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ይንቀጠቀጣልም። ሁለት ፎቶ ልኬልሃለሁ። ተበላሽቶ ነው ወይስ ሌላ ዕቃ ነው?»

ዕቃው ደህና ነው። ግን መላጊያ አይደለም፤ የእንጨትን ላይ ፍቆ የሚያለሰልስ መፋቂያ ነው። የሳልከው በመላጊያ አሳሳል ስለሆነ ነው ያስቸገረህ።

ጎረቤትህን አልፈርድበትም። እሱ ያሰበው ዕቃ ስፖክሼቭ ይባላል፤ የጋሪ ጎማ ዘንጎችን፣ የመጥረቢያና የዶማ እጀታን፣ የወንበር እግርን የሚልግ ትንሽ መላጊያ ነው። እሱም ልክ እንዳንተ ዕቃ ግራና ቀኝ ክንፍ አለው። ከሩቅ ሲታዩ መንታ ናቸው።

የሚለዩት ስለቱ ወዴት እንደሚያዘነብል በማየት ነው። ዕቃውን በሁለት እጅህ ያዝና ወደፊት ልትገፋው እንደሆነ አድርገው። አሁን ከጎኑ ተመልከተው። ስፖክሼቭ ከሆነ የስለቱ ራስ ወዳንተ ያዘነብላል፤ ተራው መላጊያም እንዲሁ ነው። መፋቂያ ከሆነ ግን የስለቱ ራስ ካንተ ይሸሻል፤ ወደምትገፋበት አቅጣጫ ያጎነብሳል። በሁለተኛው ፎቶ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ብሎኖቹ ቢጠፉ፣ ጽሑፉ በዝገት ቢበላ እንኳ ይህ ምልክት አይጠፋም።

ሌላው ምልክት ሦስተኛው ብሎን ነው። ሁለቱ ከፊት ሆነው ስለቱን የሚይዘውን ብረት ያጠብቃሉ። ሦስተኛው ከኋላ፣ ልክ መሃል ላይ ብቻውን ነው። ሥራው ስለቱን ከጀርባ ገፍቶ ማጉበጥ ነው። ስለቱም የተሠራው ለዚህ ነው፤ እንደ መጋዝ ላሜራ ስስ ሆኖ ይለጠጣል። የስፖክሼቭ ስለት ከዚህ ወፍራም ነው፤ የሚያጎብጠው ብሎንም የለውም። ሆዱም ይለያል። የስፖክሼቭ ሆድ ጠባብ ነው፣ ጎባጣ ቦታ ላይ እንዲዞር። ያንተ ግን ሰፊና ዝርግ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ። ዝገቱን ስታጸዳ 80 ወይም 080 የሚል ቁጥር ብታገኝ አትደነቅ። ስታንሌይ ይህን ዕቃ በ80፣ ሬኮርድ ደግሞ በ080 ቁጥር ይሠሩት ነበር። ርዝመቱ ከእጀታ እስከ እጀታ 29 ሴንቲሜትር፣ የስለቱ ወርድ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

አሁን ዱቄቱ ለምን እንደመጣ ልንገርህ። ወደፊት ያጎነበሰ ስለት፣ የፈለገውን ያህል ቢሳል፣ እንጨት ውስጥ አይገባም። ላዩን እየፋቀ ያልፋል። ቆራጩ ጫፉ ላይ የሚታጠፍ ትንሽ መንጠቆ ነው። በዓይን አይታይም፤ በጣት ግን ይታወቃል። መንጠቆው ካለ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ይወጣል። ከሌለ ዱቄት ነው።

ስለቱን አውጣና ሞርሳ ላይ ጫፉን ወደ ላይ አድርገህ እሰረው። አንተ እንደ መሮ አሹለኸዋል፤ ለዚህ ዕቃ ግን የጫፉ ተዳፋት 45 ዲግሪ መሆን አለበት። መለኪያ ከሌለህ የወረቀት ማዕዘን ለሁለት እጠፍና በእሱ አመሳክር። በዝርግ ሞረድ ቀስ ብለህ አስተካክለው። ግራይንደር ላይ አታድርገው። ስስ ስለሆነ ቶሎ ይግላል፤ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ጥንካሬው ሄዷል። ከሞረድ በኋላ በመሳያ ድንጋይ አለስልሰው። የፊቱንም ዝርግ ገጽ ድንጋዩ ላይ አስተኝተህ እሸው፣ ትርፍ ጭረቱ እንዲነሳ። ሁለቱን ማዕዘኖች በሞረድ ትንሽ ክበባቸው፤ ያለዚያ እንጨቱ ላይ መስመር ይጥሉብሃል።

መንጠቆውን የምታወጣው በጠንካራ፣ ላዩ በለሰለሰ ክብ ብረት ነው። የጥሩ ካቻቢቴ ዘንግ ይበቃል። አንድ ጠብታ ዘይት አድርግበት። መጀመሪያ ዘንጉን በተሳለው ተዳፋት ላይ አስተኝተህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎትተው። በሚቀጥለው ጉተታ ትንሽ ቀና አድርገው። አራት አምስት ጊዜ ስትደግም ዘንጉ ወደ አግድም ይቃረባል፤ 15 ዲግሪ ያህል ሲቀረው አቁም። ፈጽሞ አግድም ካደረስከው መንጠቆው ከልክ በላይ ይታጠፋል። ከዚያ ጣትህን በዝርጉ ገጽ ላይ ከመሃል ወደ ጫፍ አውጣ። ጫፉ ላይ ያዝ ካደረገህ ተሳክቷል። በጫፉ ርዝመት ግን ጣትህን አትሂድበት፤ ይቆርጣል።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አካሉን ዝርግ ጣውላ ላይ አቁመው፤ ብሎኖቹን ሁሉ አላላቸው። ስለቱን ከሥር አስገባ። የተሳለው ተዳፋት ወደ ኋላኛው ብሎን፣ ማለትም ወዳንተ ይመልከት። ጫፉ ጣውላውን እስኪነካ በቀስታ ተጫነው፤ ከዚያ የፊቶቹን ሁለት ብሎኖች አጥብቅ። አሁን ስለቱ ከሆዱ ጋር እኩል ነው፣ ምንም አይቆርጥም። የኋላውን ብሎን እስኪነካ አዙር፤ ከዚያ ሩብ ዙር ጨምርና ሞክረው። ፍቅፋቂ እስኪወጣ በትንሽ በትንሹ ጨምር።

ከመሃል ብቻ ጠባብ ፍቅፋቂ ከወጣና እንጨቱ ላይ ጎድጓዳ መስመር ከቀረ፣ ስለቱን ከመጠን በላይ አጉብጠኸዋል። የሚንቀጠቀጥም ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። ቀጥሎ ስለቱ መላላቱን ወይም ተገልብጦ መግባቱን እይ። በአንደኛው ፎቶህ የተሳለው ተዳፋት ወደ ፊት ያያል፤ ስለዚህ ያንተ ተገልብጧል።

እኔ ይህን ዕቃ የማውቀው ከወይራ ጋር ነው። ገና ሥራ ስለምድ ቡራዩ ውስጥ የወይራ ጠረጴዛ ተቀብለን ነበር። የወይራ ቃጫ አንድ ቦታ ወዲህ፣ አንድ ቦታ ወዲያ ይዞራል። መላጊያ በአንዱ በኩል ሲያለሰልስ በሌላው ይቦጭቃል። መምህሬ መላጊያውን አስቀመጠና ይህን አነሳ። ዝገትና ቅባት ያየሁበት እጀታ ነበር፤ ከሥሩ ግን ረጅም ስስ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወጣ። ብጭቅጫቂው ጠፋ። እስካሁን ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳቴ በፊት የማስታውሰው እሱን ነው። ስለዚህ ያንተን ለመሞከር ከወይራ ቁራጭ ጀምር። ዝግባ ላይ አትሞክረው፤ ለስላሳ እንጨት ለመፋቂያ አይመችም፣ ይጨፈልቀዋል። ጠማማ ጣውላ ለማቃናትም አይሆንም። ሥራው መላጊያ ከጨረሰ በኋላ ነው።

የተጣበቁ ብሎኖች ካሉ በነጭ ጋዝ አሳድራቸው። በመዶሻ አትምታቸው፤ አካሉ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ክንፉ በአንድ ምት ሊሰበር ይችላል።

ደግሞ አያትህ መፋቂያ ከነበራቸው የእጀታ መላጊያም ሊኖራቸው ይችላል። የብረት ብቻ አትፈልግ። ከእንጨት የተሠራ፣ ስለቱ ከሥር ተኝቶ ሁለት የብረት ጅራቱ ወደ ላይ የወጣ በትር መሳይ ነገር ካገኘህ፣ ጎረቤትህ ያሰበው ዕቃ እሱ ነው። ፎቶውን ላክልኝ፤ የእሱ አሳሳል ሌላ ነው።